የታሸገ ቆሎ ከኪዮስክ እስከ ሱፐርማርኬት

አዲስ አበባ ውስጥ የገብስ ቆሎን ከኦቾሎኒ ጋር ቀላቅሎ፣ በትናንሽ ፓኬት አሽጎ ለመሸጥ የተነሣ አምራች ሦስት ዓይነት መሸጫ ይጠብቀዋል። ኪዮስኩ በታክሲ ተራና በትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው አንድ አንድ ፓኬት ይሸጣል። የሰፈር ሱቁ ደንበኞቹን በስም ያውቃል፤ ዘይትና ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሰው መልሱን በቆሎ ይወስዳል። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ደግሞ ገዢው ጋሪ እየገፋ ለቤቱ ይሸምታል። ቆሎው ያው አንድ ቆሎ ነው፤ የፓኬቱ መጠን፣ ዋጋው፣ የሚደርስበት መንገድና ገንዘቡ የሚመለስበት ጊዜ ግን በሦስቱም ይለያያል። ዕቅዱ ሦስቱን እንደ አንድ ገበያ ከቆጠረ ከመጀመሪያው ወር በኋላ መላላቱ አይቀርም።

ዕቅዱ የሚጀምረው ፓኬቱ ሱቅ ውስጥ ስንት ወር ሳይበላሽ እንደሚቆይ በመፈተሽ ነው። ቆሎን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። ገብሱ ከአየር እርጥበት ሲስብ ይለሰልስና መንኮሻኮሹን ያጣል። የኦቾሎኒው ዘይት ደግሞ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይሻግታል፤ ሙቀትና ብርሃን ይህን ያፋጥኑታል። የኪዮስክ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ፓኬቶቹም ብዙ ጊዜ በክር ተሰድረው ፀሐይ የሚያገኛቸው ቦታ ላይ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ ቆሎውን አጉልቶ የሚያሳይ ስስ ላስቲክ ለዓይን ቢማርክም ለዚህ ምርት አይሆንም። ብርሃንና እርጥበት የማያስገባ፣ ከውስጥ የብር ቀለም ያለው ባለ ብዙ ንብርብር ማሸጊያ ይሻለዋል።

ፈተናው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የተወሰኑ ፓኬቶች በተለመደው 25 ዲግሪ አካባቢ ባለ ክፍል፣ ሌሎቹ ደግሞ 35 ዲግሪ በሚሞቅ ቦታ ይቀመጣሉ። በየሳምንቱ ከሁለቱም አንዳንድ ፓኬት ተከፍቶ ይቀመሳል፣ ይሸተታል። እንዲህ ያለው መበላሸት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ሞቃቱ ቦታ ያለው በ12ኛው ሳምንት መሻገት ከጀመረ፣ ቀዝቃዛው እስከ 24ኛው ሳምንት ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። ስሌቱ ግምት ስለሆነና ኪዮስኩም የሚሞቅ ስለሆነ ፓኬቱ ላይ 6 ወር ከመጻፍ 4 ወር መጻፍ ይሻላል። የእሽጉ ጥንካሬ ደግሞ ፓኬቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ በእጅ በመጫን ይታወቃል፤ አረፋ ከወጣ የሚያሽገው ማሽን ሙቀት ወይም ግፊት ተዛብቷል። በዚህ በኩል ያለፈ ፓኬት በክረምት አንድ ወር ሳይሞላው ይለሰልሳል።

ኦቾሎኒው ሌላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእርጥበት የተከማቸ ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን ለቅሞ ማውጣት፣ ከየጭነቱም ናሙና ለላቦራቶሪ መስጠት የግዢው አካል ነው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብ ማምረት ሥራ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅበት በመሆኑ ይህ ወረቀት ከማሸጊያ ኅትመት በፊት መያዝ አለበት። ፓኬቱ ላይ የምርቱ ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ የተጣራ ክብደት፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይሰፍራል። ኦቾሎኒ ለአንዳንድ ሰው አደገኛ አለርጂ ስለሚያስነሣ መኖሩ በጉልህ መጻፍ ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋ ነው፤ ብዙ ዕቅድ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አካሄድ ከወጪ ተነሥቶ ወደ ላይ መደመር ነው። በኪዮስክ ግን ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ኪስ ውስጥ ያለው ብር ነው። በአገሪቱ የሚዘዋወሩት የወረቀት ብሮች ባለ 5፣ 10፣ 50፣ 100 እና 200 ናቸው። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁለት የ10 ብር ኖት አውጥቶ ፓኬቱን ተቀብሎ ይሄዳል። ዋጋው 23 ብር ከሆነ ግን ባለኪዮስኩ የ1 ብር ሳንቲም መፈለግ ይኖርበታል፤ ዝርዝር ሲጠፋ ገዢው አጠገቡ ያለውን ማስቲካ ወይም ብስኩት ይወስዳል። ስለዚህ ስሌቱ ከ20 ብር ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ባለ 35 ግራም ፓኬት በ20 ብር ይሸጣል እንበል። ቁጥሮቹ አካሄዱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ የጥሬ ዕቃው ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። ባለሱቁ ከአንድ ፓኬት 4 ብር ካላተረፈ ለአዲስ ምርት ቦታ አይለቅም፤ ስለዚህ በ16 ብር መግዛት አለበት። ምርቱ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ ከ16 ብሩ ውስጥ 2.09 የታክስ ነው፤ 13.91 ይቀራል። አከፋፋዩ 1.25 ሲወስድ ለአምራቹ 12.66 ይደርሰዋል። ከዚህ ላይ 35 ግራም ቆሎና ኦቾሎኒ በኪሎ 160 ብር ሒሳብ 5.60፣ ማሸጊያው 1.80፣ የካርቶን ድርሻው 0.60፣ ጉልበትና ማገዶ 1.60፣ መጓጓዣ 0.70 ሲወጣ ወጪው 10.30 ይሆናል። የሚተርፈው 2.36 ነው። የቤት ኪራይ፣ የቅምሻ ስጦታ፣ የተበላሸ ፓኬትና ማስታወቂያ ሁሉ የሚሸፈኑት ከዚህች ገንዘብ ነው።

ከወጪ ተነሥቶ የሚደምር ሰው በ10.30 ላይ 40 በመቶ ትርፍ ቢጨምር፣ አከፋፋዩ 10 በመቶ፣ መንግሥት 15 በመቶ፣ ባለሱቁም 25 በመቶ ሲጨምሩበት መጨረሻው 22.80 ይሆናል። ወረቀት ላይ ምንም ስሕተት የለበትም። ባለኪዮስኩ ግን 25 ብር ብሎ ይሸጠዋል ወይም ጭራሹን አይወስደውም።

ኦቾሎኒ ተወድዶ ድብልቁ በኪሎ 190 ብር ቢገባ የ35 ግራሙ ወጪ በ1.05 ይጨምርና የሚተርፈው ወደ 1.31 ይወርዳል። ዋጋውን 21 ብር ማድረግ ስለማይቻል የሚስተካከለው ክብደቱ ነው። ፓኬቱ 30 ግራም ሲሆን የቆሎው ወጪ 5.70 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ጋር በ10 ሳንቲም ብቻ ይለያያል። ታዲያ የተጻፈው ክብደትም አብሮ መለወጥ አለበት። የማሸጊያ ላስቲክ የሚያትሙ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ቀለም ሲሊንደር ስለሚቀርጹ ትንሽ ትዕዛዝ አይቀበሉም፤ በመጀመሪያው ወር ብዙ ሺህ ፓኬት የሚሆን ጥቅል ያሳተመ አምራች 35 ግራም የሚል ላስቲክ ይዞ ይቀራል። ለመጀመሪያው ሙከራ ባዶ የብር ቀለም ላስቲክ ላይ የታተመ ወረቀት መለጠፍ በአንድ ፓኬት ጥቂት ሳንቲም ቢያስጨምርም ከዚህ ኪሳራ ያድናል።

ለሱፐርማርኬት የሚቀርበው ሌላ መጠን ነው። ያው ባለ 35 ግራም ፓኬት በሱፐርማርኬት 18 ብር ሲሸጥ የጎረቤቱ ባለሱቅ ካየ በ20 ብር መሸጡን ይተዋል፤ ደንበኞቹም አስወድደህብናል ይሉታል። ባለ 200 ግራም ፓኬት በ100 ብር ግን ከትንሹ ጋር ጎን ለጎን አይነጻጸርም። ለቤት የሚገዛው ሰው በግራም ቀነስ ያለ ዋጋ ያገኛል፤ ባለሱቁም የሚወዳደረው የለም። ሱፐርማርኬቱ ባለ 13 አኃዝ ባርኮድ ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ለእያንዳንዱ መጠን የተለየ መሆን አለበት።

ኪዮስኩና ሱቁ የሚፈልጉት አቀራረብም ሌላ ነው። 48 ፓኬት የያዘ ካርቶን በ16 ብር ሒሳብ 768 ብር ይሆናል። ስለማያውቀው ምርት ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ባለኪዮስክ ብዙም አይገኝም። ካርቶኑ በውስጡ እያንዳንዳቸው 12 ፓኬት የያዙ አራት ትናንሽ ሣጥኖች ቢኖሩት ባለኪዮስኩ በ192 ብር ይሞክራል። ሣጥኑ ክዳኑ ተቀድዶ ባንኮኒ ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ፓኬቶቹ ከፀሐይ ይድናሉ፤ ከመደርደሪያ ጀርባም አይወሸቁም።

የሚወጣበት ወር በአገሩ አቆጣጠር ይመረጣል። ገብስም ኦቾሎኒም ከመኸር በኋላ ዋጋቸው ረገብ ስለሚል ግዢው ታኅሣሥና ጥር ላይ ቢሆን ይመረጣል። ቆሎው ቅቤም ወተትም ስለሌለበት የጾም ምግብ ነው፤ 55 ቀን በሚዘልቀው በዐቢይ ጾም ወተት የገባበት ብስኩትና ኬክ ከብዙ ሰው እጅ ሲወጣ ለእርሱ ቦታ ይከፈትለታል። ፓኬቱ ላይ «የጾም» ተብሎ መጻፉ ገዢውን ከመጠየቅ ያሳርፈዋል፤ ይህን ለመጻፍ ግን መቁያው ምጣድ ቅቤ የነካው መሆን የለበትም። በአንጻሩ ሰኔ መጨረሻ ላይ መጀመር ከባድ ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዝናቡም መንገደኛውን ይበትነዋል። የሚመቸው አካሄድ ሙከራውን በጥር አጋማሽ ጀምሮ ጥቂት ሳምንት የፍስክ፣ ጥቂት ሳምንት የጾም ሽያጭ ማየት ነው። ሙከራው በሙሉ በጾም ላይ ከዋለ የተገኘው ቁጥር ከፋሲካ በኋላ አምራቹን ያታልለዋል።

ሙከራው በአንድ አካባቢ፣ ለምሳሌ ከመገናኛ እስከ ገርጂ ባለው መስመር ቢሆን ይመረጣል። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ በአንዲት ትንሽ መኪና በቀን 35 ያህል መሸጫ መጎብኘት ይችላል፤ በስድስት ቀን 200 ኪዮስክና ሱቅ ያዳርሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ መስመር ይደግማል። ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ የማይጀመርበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጅምላ ሻጩ ቸርቻሪው የጠየቀውን ያወጣል እንጂ ያልተጠየቀውን አይገፋም። ስሙን ማንም ያልሰማው ቆሎ መጋዘኑ ውስጥ ከተደረደረ ቀኑ እስኪያልቅ እዚያው ሊቀር ይችላል፤ አምራቹ ግን ደረሰኙን አይቶ ተሸጠ ብሎ ያስባል።

ለባለሱቁ የተሸጠና ባለሱቁ የሸጠው የተለያዩ መሆናቸውን መለየት የሙከራው ዋና ሥራ ነው። ሠራተኛው በየጉብኝቱ ትዕዛዝ ከመቀበሉ በፊት የቀረውን ፓኬት ይቆጥራል፤ ያለቀበት ሱቅ ከሆነ መቼ እንዳለቀ ይጠይቃል። በሁለተኛው ቀን ያለቀበት ሱቅ በወረቀቱ ላይ 12 ብቻ የሸጠ ይመስላል፤ እውነተኛ ፍላጎቱ ግን ከዚያ በላይ ነው።

ከ200ው መሸጫዎች 30ው አንቀበልም ቢሉና 170ው አንድ አንድ ሣጥን ቢወስዱ 2,040 ፓኬት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ቆጠራ 1,060 ተሸጦ ከተገኘ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ስንቱ ለመቅመስ የተገዛ እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛው ሳምንት 740፣ ሦስተኛው 720፣ አራተኛው 730 ከሆነ መጀመሪያ ለማየት የገዙት ሰዎች ወጥተው ቋሚ ገዢዎች ቀርተዋል ማለት ነው። ከ1,060 በኋላ 610፣ 340፣ 190 እያለ ከወረደ ደግሞ ሰዎች ቀምሰው አልተመለሱም። ያን ጊዜ ችግሩ ያለው ጣዕሙ ላይ ወይም የፓኬቱ መጠን ላይ ስለሆነ ማስታወቂያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። ሽያጩ የወረደው ቆሎው ሳይጠላ ሱቆቹ ባዶ ስለሆኑ ከሆነም ቆጠራው ያሳያል፤ ያለቀባቸው ብዙ ከሆኑ ጥፋቱ የአቅርቦቱ ነው። ለዚህም ሲባል ከመጀመሪያው ዙር በፊት ለሁለተኛው ዙር የሚበቃ የታሸገ ምርት መጋዘን ውስጥ መኖር አለበት። አንድ ጊዜ አልቆበት ሳይመጣለት የቀረ ባለሱቅ ያን ቦታ ለሌላ ዕቃ ይሰጠዋል።

አራተኛው ሳምንት በመሸጫ ዓይነት ሲከፋፈል ሌላ ነገር ይገለጣል። ከ730ው ውስጥ 40ው ኪዮስኮች 340፣ 130ው ሱቆች 390 ሸጠዋል እንበል። አንድ ኪዮስክ በሳምንት 8 ወይም 9 ፓኬት፣ አንድ ሱቅ 3 ፓኬት ይሸጣል ማለት ነው። የ12 ፓኬት ሣጥን ለኪዮስክ ዐሥር ቀን፣ ለሱቅ አንድ ወር ይበቃል። ኪዮስኩን በየሳምንቱ፣ ሱቁን በየሦስት ሳምንቱ መጎብኘት በቂ ነው።

ቁጥሮቹ ሠራተኛን በመኪና ማሰማራት እስከ መቼ እንደሚያዋጣም ይናገራሉ። አምራቹ የአከፋፋዩን 1.25 ለራሱ ቢያስቀር ከአንድ ፓኬት 3.61 ያገኛል። በሳምንት 720 ፓኬት ሲሸጥ ገቢው 2,600 ብር ገደማ፣ በወር ከ10,000 ብር ትንሽ የሚበልጥ ነው። ይህ የሾፌር፣ የሽያጭ ሠራተኛና የነዳጅ ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ የራስ መኪና ፍላጎት ለመዝራት የሚወጣ የጥቂት ወር ወጪ ነው፤ በዕቅዱም እንዲሁ ተቆርጦ መያዝ አለበት። መስመሩ ሲጸና ምርቱ ብስኩት፣ ለስላሳና ማስቲካ አብሮ ለሚያዞር አከፋፋይ ይተላለፋል፤ እርሱ ወጪውን በብዙ ዕቃ ላይ ስለሚያካፍል 1.25 ይበቃዋል። በዚያን ጊዜ አምራቹ የየሱቁን ቆጠራ ይዞ ስለሚቀርብ ድርድሩ ይቀለዋል። ለአንዱ አከፋፋይ ለብዛት ሲባል የተለየ ቅናሽ መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ ቅናሹ ወደ ሌላው አካባቢ በርካሽ ይፈስና ባለሱቆች በተለያየ ዋጋ እየገዙ ምርቱን ያስቀምጡታል።

ወደ ሌሎች ሰፈሮች የሚስፋፋው ከመቁያው አቅም ጋር እየተመዛዘነ ነው። እንዲህ ያሉ ዐሥር መስመሮች በሳምንት 7,200 ፓኬት ይፈልጋሉ፤ በ35 ግራም 252 ኪሎ ነው። በቀን 60 ኪሎ የሚቆላ ምድጃ በስድስት ቀን 360 ኪሎ ስለሚያወጣ ለሱፐርማርኬት 108 ኪሎ ይተርፋል፤ ይህ 540 ባለ 200 ግራም ፓኬት ነው። ከዐሥራ አምስተኛው መስመር በፊት ሁለተኛ ምድጃ ካልተተከለ ያለው ምርት ለሁሉም ስለማይበቃ በየሱቁ ባዶ ቦታ ይታያል።

ሱፐርማርኬቱ ወደ መጨረሻ የሚገባው በገንዘቡ ምክንያት ነው። በ100 ብር የሚሸጠው ፓኬት ታክሱ ሲወጣ 86.96 ነው፤ የሱፐርማርኬቱ ትርፍ ተቀንሶ ለአምራቹ 68 ብር ቢደርስ፣ ወጪው 44 ሆኖ 24 ይተርፈዋል። ከኪዮስኩ ፓኬት ጋር ሲተያይ ብዙ ነው። ሆኖም ኪዮስኩ በእጅ በእጅ ወይም በቴሌብር ወዲያው ሲከፍል፣ ሱፐርማርኬቱ ብዙ ጊዜ በዱቤ ነው የሚወስደው። ለዐሥር ቅርንጫፍ 48፣ 48 ፓኬት ሲገባ 480 ፓኬት፣ ማለትም 32,640 ብር፣ እስከ ክፍያው ቀን ይያዛል። በላዩ ያለው 4,896 ብር ታክስ ደግሞ ደረሰኙ በተቆረጠበት ወር ሒሳብ ውስጥ ገብቶ፣ ገንዘቡ ባይገባም ለመንግሥት ይከፈላል። ክፍያው ከመምጣቱ በፊት ሁለተኛ ትዕዛዝ ከመጣ የታሰረው ገንዘብ እጥፍ ይሆናል። ኪዮስክና ሱቅ በየሳምንቱ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገቡ ከሆነ ግን ይህን መሸከም ይቻላል።

ከሱፐርማርኬቱ ጋር የሚፈረመው ውል ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸምና ቀኑ ያለፈበት ፓኬት በማን ኪሳራ እንደሚመለስ ለይቶ መጻፍ አለበት። የመጠቀሚያ ጊዜው 4 ወር የሆነ ቆሎ መጋዘን ውስጥ አንድ ወር ተኩል ከቆየ በኋላ ሲላክ፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀረው ሁለት ወር ተኩል ነው። ስለዚህ ለሱፐርማርኬት የሚላከው በዚያው ሳምንት የተቆላው ይሆናል፤ ቀድሞ የተቆላውና ገና ጊዜ ያለው ቶሎ ወደሚሸጠው ወደ ኪዮስክ ይሄዳል። በየቅርንጫፉ ወር በገባ ቁጥር ቀኑን የሚያይ ሰው ይመደባል፤ አንድ ወር የቀረው ፓኬት ከመደርደሪያው ወርዶ በቅምሻ ገበታ ላይ ለገዢዎች ይቀርባል።